ስልኩ ፊትን ሲያስረዝም

ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚያወጣ ደንበኛ ለአዲስ አበባ ፀጉር አስተካካዮች አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ የሚወደውን የእግር ኳስ ተጫዋች ያሳያል፣ ሌላዋ ከቲክቶክ ያስቀረችውን ቦብ ቁርጥ። ቀጥሎ «ይሄ ለእኔ ፊት ይሄዳል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጎበዝ ባለሙያ መልሱን ስልኩ ላይ አይፈልግም። የደንበኛውን ፀጉር በሁለት እጁ ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ፊት ለፊት በመስታወት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያየዋል። ግንባሩ የት እንደሚሰፋ፣ መንጋጋው የት እንደሚታጠፍ፣ አገጩ ምን ያህል እንደሚሾጥ የሚለየው በዚያች ቅጽበት ነው።

ቤቱ ሆኖ መወሰን የሚፈልግ ሰው ግን ያለው ፎቶ ብቻ ነው። ስለ ፊት ቅርጽ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል ሞላላ፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ የልብ ቅርጽ ብሎ ይጀምርና በቀጥታ ወደ ቁርጡ ይሄዳል። ፎቶው እንዴት እንደተነሳ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ሰው የራሱን የፊት ቅርጽ የሚስተው አራቱን ቅርጾች ባለማወቁ ሳይሆን፣ የሚለካው ፊት ከእውነተኛው ፊቱ ስለሚለይ ነው።

ነገሩ በርቀት ይጀምራል። እጅን ዘርግቶ ሰልፊ የሚያነሳ ሰው ስልኩን ከአፍንጫው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይይዘዋል እንበል። የሰው ፊት ደግሞ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አይደለም። አገጭና ግንባር ከአፍንጫ ጫፍ ወደ ኋላ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገቡ፣ ፊት በጣም የሚሰፋበት የጉንጭ ዳር ግን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ካሜራው አገጩን ከ34 ሴንቲ ሜትር፣ የጉንጩን ዳር ከ39 ሴንቲ ሜትር እያየ ነው ማለት ነው። የራቀ ነገር አንሶ ስለሚታይ የፊቱ ስፋት ከርዝመቱ ይልቅ በተጨማሪ 13 በመቶ ገደማ ይጠባል። ስልኩ 1 ሜትር ከ50 ላይ ቢሆን ግን ርቀቶቹ 154 እና 159 ይሆናሉ፤ ልዩነቱም ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። እነዚህ ቁጥሮች ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቅርብ ፎቶ ፊትን ያጠባል፣ ያስረዝማልም።

በ2018 በአሜሪካ የፊት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ከአፍንጫ በኩል አስልቶታል። በእነሱ ስሌት ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተነሳ ፎቶ፣ ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ሐኪሞቹን ያሳሰባቸው በሰልፊ ያዩትን አፍንጫ ይዘው ለቀዶ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ለፀጉር ቁርጥ ጉዳቱ ያን ያህል የከፋ አይደለም፤ ቢሆንም ክብ ፊት ያላት ሴት በሰልፊዋ ሞላላ መስላ ትታያለች፣ ለሞላላ የተባለውንም ቁርጥ ታዛለች።

ሁለተኛው ስህተት የካሜራው ከፍታ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ማንሳት የተለመደው ዐይንን ስለሚያጎላና ሁለተኛ አገጭን ስለሚደብቅ ነው። በዚያው መጠን ግን ለካሜራው የቀረበው ግንባር ይሰፋል፣ የራቀው አገጭ ይሾጣል። እንዲህ ከተነሱ ሰዎች ግማሹ «የልብ ቅርጽ ፊት አለኝ» ቢሉ አይገርምም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ከታች ወደ ላይ ሲያነሳ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ መንጋጋው ይሰፋል፣ ግንባሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክቡም ሞላላውም አራት ማዕዘን መምሰል ይጀምራል። ፈገግታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጉንጭን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋና ፊትን ያከብበዋል።

ስለዚህ ለመለኪያ የሚሆን ፎቶ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ካልተገኘ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ተደግፎ ሰዓት ቆጣሪው ይሞላል። ርቀቱ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል፣ ከተቻለ 2 ሜትር ይሁን። ፊቱ ትንሽ ሆኖ ከታየ መጠጋት ሳይሆን በዙም ማቅረብ ወይም በኋላ ዙሪያውን መቁረጥ ነው፤ ቅርጹን የሚያዛባው ርቀቱ እንጂ ሌንሱ አይደለምና። ካሜራው በዐይን ትክክል ይቀመጣል። አገጭ አይነሳም፣ አይወርድም፤ ጥርስ ሳይነከስ አፍ ይዘጋል፣ ፊት ይፈታል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት፣ ለምሳሌ ከመስኮት ቢመጣ ይመረጣል፤ ከጎን የመጣ ብርሃን አንዱን መንጋጋ ጥላ ውስጥ ይከተዋል። ፀጉር ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተሰብስቦ የግንባሩ መስመርና ሁለቱ ጆሮዎች መታየት አለባቸው። ጺም ያለው ሰው የሚለካው የመንጋጋውን አጥንት እንጂ የጺሙን ዳር እንዳይሆን ይጠንቀቅ፤ ጺሙ ከበዛ እጁን አስገብቶ አጥንቱ የሚታጠፍበትን ቦታ ቢዳስስ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ማስመሪያና አራት መስመር ነው። ፎቶውን ሳያሳንሱና ሳያሳድጉ፣ በስልኩ ስክሪን ላይ ወይም በታተመ ወረቀት ላይ መለካት ይቻላል፤ ልኬቱ የሚፈለገው ለእርስ በርስ ንጽጽር ስለሆነ ሴንቲ ሜትሩ ከእውነተኛው ፊት ጋር እኩል መሆን የለበትም። የመጀመሪያው መስመር በመሃል ከፀጉሩ መነሻ እስከ አገጩ ታች ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው በቅንድብና በፀጉሩ መነሻ መካከል ያለው የግንባር ስፋት፤ ሦስተኛው ከዐይን ውጫዊ ጫፍ ዝቅ ብሎ ጉንጩ በጣም የሚሰፋበት፤ አራተኛው ደግሞ በአፉ ጥግ ትክክል የፊቱ ዳር ከዳር፣ ማለትም የመንጋጋው ስፋት።

ከእነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ነው። የግንባሩ ፀጉር የሸሸበት ሰው ርዝመቱን አሁን ካለው የፀጉር መነሻ ቢለካ ክብ የነበረው ፊቱ ረዝሞ ይገኛል። ቅንድቡን ወደ ላይ ሲሰቅል ግንባሩ ላይ ከሚወጡት መስመሮች የላይኛው፣ ድሮ ፀጉሩ የጀመረበትን ቦታ በግምት ያሳያል። በአገራችን ለሴቶችም ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ለዓመታት ሹሩባ አጥብቃ የተሠራች ወይም ፀጉሯን ወደ ኋላ ስባ ስታስር የኖረች ሴት በግንባሯ ዳርና ዳር ፀጉሯ ሊሳሳ ይችላል። ግንባሯ ተፈጥሮ ከሰጣት በላይ ሰፍቶ ይታያል፤ ልኬቱም ወደ ልብ ቅርጽ ያደላል። ያ የአጥንቷ ቅርጽ ሳይሆን የመሳቡ ውጤት ነው። ምርጫውም ሌላ ነው፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት የግንባሯን ዳር የሚያሳርፍ፣ የማይስብ አሠራር ነው።

አሁን አራቱን ልኬቶች ይዘን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንዲት የ27 ዓመት ወጣት ቦብ ልትቆረጥ አስባለች እንበል። መጀመሪያ በሰልፊዋ ላይ ለካች፤ ርዝመቱ 77 ሚሊ ሜትር፣ የጉንጩ ስፋት 58 ወጣ። 77 ለ58 ሲካፈል 1.33 ይመጣል። ባለሙያዎች ርዝመቱ ከስፋቱ ከ1.3 እስከ 1.5 ጊዜ የሆነውን፣ ግንባሩም ከመንጋጋው ትንሽ ሰፋ ያለውን ፊት ሞላላ ይሉታል፤ ስለዚህ «ሞላላ ነኝ» ብላ ተደሰተች። ቆይታ እህቷ ከ1 ሜትር ተኩል ላይ፣ በዐይኗ ትክክል አነሳቻት። በዚህኛው ፎቶ ርዝመቱ 69፣ ግንባሩ 50፣ ጉንጩ 58፣ መንጋጋው 47 ሚሊ ሜትር ሆነ። 69 ለ58 ሲካፈል 1.19 ነው። ፊቷ አልተለወጠም፤ ስልኩ ነው የራቀው።

1.25 እና ከዚያ በታች የሚያወጣ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ነው፤ ሁለቱም ርዝመታቸው ከስፋታቸው ብዙም አይበልጥምና። የሚለያቸው መንጋጋው ነው። የእሷ መንጋጋ ከጉንጯ ጋር ሲነጻጸር 81 በመቶ ነው። በአራት ማዕዘን ፊት ይህ ቁጥር ወደ 90 በመቶ ይጠጋል፤ ግንባር፣ ጉንጭና መንጋጋ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የተሰደሩ ይመስላሉ። ቁጥሩ የማይመሰክረውን ዐይን ያየዋል፤ ከጆሮ ሥር ወርዶ ወደ አገጭ ሲታጠፍ ጥግ ሠርቶ ከተሰበረ አራት ማዕዘን፣ ሳይሰበር እየዞረ ከሄደ ክብ ነው። የእሷ ይዞራል። ግንባሯ ከመንጋጋዋ የሚበልጠው በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የልብ ቅርጽም አይደለችም፤ በልብ ቅርጽ ፊት ግንባሩ ከጉንጩ ጋር እኩል ወይም ከእሱ የሚበልጥ ሆኖ መንጋጋው በግልጽ ጠብቦ አገጩ ይሾጣል። እንግዲህ ክብ ፊት አላት።

ለቦቡ ይህ ምን ይለውጣል? ሞላላ ነኝ ብላ ቢሆን ኖሮ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ ጉንጯ ላይ የሚያልቅ፣ መሃል ለመሃል የተከፈለ አጭር ቦብ ልትጠይቅ ትችል ነበር። ፀጉር የሚያልቅበት ቦታ ዐይን የሚያርፍበት አግድም መስመር ነው፤ ያ መስመር ፊቷ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ላይ ቢወድቅ ስፋቱን ሁለት እጥፍ ያጎላዋል። ለክብ ፊት መስመሩ ከአገጭ በታች ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ከማጅራት ይልቅ ከፊት ትንሽ ቢረዝም፣ ክፍሉ ከመሃል ወደ ጎን ቢዛወር፣ አናት ላይ ትንሽ ቢነሳ ፊቷ ይረዝማል። ለባለሙያዋ የምትነግራትም «ከአገጬ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፣ በጎን ይከፈል፣ ጉንጬ ላይ አይብዛ» የሚል ነው። ከፎቶ ይልቅ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን የፀጉር ዐይነት ጣልቃ ይገባል፤ በውጭ መጽሔቶች የሚወጡት ምክሮች ብዙዎቹ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በፒያስትራ የተዘረጋ ፀጉር ላይ የተለካው «ከአገጭ ሁለት ጣት ዝቅ» ፀጉሩ ከታጠበና ወደ ራሱ ከተመለሰ በኋላ ጉንጭ ላይ ሊገኝ ይችላል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ሲደርቅ ከተዘረጋ ርዝመቱ ከግማሽ በላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ስለዚህ ደንበኛዋ ፀጉሯን አብዛኛውን ቀን የምትለብሰው ተዘርግቶ ነው ወይስ በተፈጥሮው የሚለውን ባለሙያዋ መጀመሪያ መጠየቅ አለባት፤ መልሱ በተፈጥሮው ከሆነ መቁረጥ ያለባት ደርቆ በተሰበሰበበት ሁኔታ ነው።

ለሹሩባም ይኸው አስተሳሰብ ይሠራል። ከግንባር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሹሩባ የፊቱን ዙሪያ ሙሉ ለሙሉ ያጋልጣል፤ ክብ ፊት ላይ አናቱ አካባቢ ከፍ ካለ ፊቱን ያስረዝማል፣ አራት ማዕዘን ፊት ላይ ግን የመንጋጋውን ጥግ ያለ ምንም መሸፈኛ ይተወዋል። አንዳንድ ሠሪዎች በሁለቱ ጆሮ አጠገብ አንድ ሁለት ቀጫጭን ዘለላ የሚለቁት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥጉን ይሰብሩበታል።

ለወንዶች ነገሩ በማሽን ቁጥር ይነገራል። ቁጥር 1 ማበጠሪያ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 ደግሞ 6፣ ቁጥር 4 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ፀጉር ይተዋል። ክብ ፊት ያለው ወጣት ዙሪያውን በእኩል ቁጥር 4 ከተቆረጠ ራሱ እንደ ኳስ ይሆናል። ጎኑ ከቁጥር 1 ተነስቶ እየጨመረ በፌድ ሲወጣና አናቱ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ግን ስፋቱ ይጠባል፣ ቁመቱ ይጨምራል። ጎፈሬ የሚወድም ቢሆን መተው አይጠበቅበትም፤ በሚዶ ሲያነሳው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ እንዲሰድ ማድረግ፣ ጎኑንም በመቀስ ማስገባት ይበቃዋል። ጺም ካለው ጉንጩ ላይ አሳጥሮ አገጩ ላይ ማስረዘም ከፀጉሩ ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

አራት ማዕዘን ፊት ላይ ወንዶችና ሴቶች የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ይለያያል። ወንዱ ጥጉን ሊወደው ይችላል፤ ጎኑ አጥሮ፣ ጺሙ መንጋጋውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ሲሠራለት ጥጉ ይጎላል። ማለስለስ የምትፈልግ ሴት ደግሞ መንጋጋዋ ትክክል ላይ የሚያልቅ ቀጥ ያለ ቁርጥንና ቅንድብ ላይ በማስመሪያ የተቆረጠ የሚመስል የግንባር ፀጉርን ትሸሻለች፤ ሁለቱም ባለ ጥግ ፊት ላይ ሌላ ጥግ ይጨምራሉ። ከትከሻ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የሚያልቅ፣ ፊት አካባቢ በሌየር የተቆረጠ፣ በቢጉዲን ትንሽ የተጠቀለለ ፀጉር ይስማማታል። በእርግጥ ይህ «ማለስለስ» የሚባለው ግዴታ አይደለም። እንግሊዛዊው ቪዳል ሳሱን በ1963 የተዋናይት ናንሲ ክዋንን ረጅም ፀጉር ቆርጦ ስለታም ጠርዝ ያለው ቦብ ሲያደርገው ያስከተለው ሐሳብ ሌላ ነበር፤ እሱ ቁርጡን የሚያወጣው ከአጥንቱ ነው፣ የሚሸፍነው ነገር አልነበረም።

ለልብ ቅርጽ ፊት ሒሳቡ ይገለበጣል። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ስለሆነ አናት ላይ ከፍ ያለ ፀጉር ወይም ሁሉም ወደ አናት ተሰብስቦ የታሰረ ሹሩባ ግንባሩን ያበዛዋል። ለክቡ ፊት ያልሆነው አገጭ ላይ የሚያልቅ ቦብ ለዚህ ፊት ጥሩ ነው፤ ሙላቱን ባዶ ወደ ሆነው ወደ መንጋጋው አካባቢ ያወርደዋል። በጎን የተጣለ የግንባር ፀጉርም ስፋቱን ይቀንሳል። ወንድ ከሆነ ሙላት ያለው ጺም አገጩን ያሰፋለታል፤ ጎኑን እስከ ምላጭ ድረስ መላጨት ግን ግንባሩን ብቻውን ስለሚያስቀረው አይመከርም።

ስለ ሞላላ ፊት ብዙ የሚባል ነገር የለም። የፀጉር ሥራ መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ እንደ ምሳሌ ያስቀመጡት እሱን ነው፤ የሌሎቹም ምክር ወደ እሱ ለማስጠጋት የታሰበ ነው። ባለ ሞላላ ፊት ሰው የሚጠነቀቀው አንድ ነገር ቢኖር ልኬቱ 1.5 እና ከዚያ በላይ ወጥቶ ወደ ረጅም ፊት እንዳይሻገር ነው። ያኔ አናት ላይ መጨመር ሳይሆን ግንባር ላይ ፀጉር መጣል ያስፈልገዋል።

ደግሞም ሁሉም ፊት ከአራቱ በአንዱ አይገባም። ግንባሩም መንጋጋውም ጠብቦ ጉንጩ ብቻ የሚሰፋ ፊት አለ፤ መማሪያ መጻሕፍቱም ቅርጾቹን ወደ ሰባት ያደርሷቸዋል። ከተጠቀሱት ወሰኖች አቅራቢያ፣ ለምሳሌ 1.26 ያወጣ ሰው ስሙን ለማግኘት ከመጨነቅ ይልቅ የቱ ልኬቱ እንደሚበልጥ ቢያይ ይቀለዋል። ቁርጡ የሚመለሰው ለዚያ ነው። ክብደት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የጉንጩ ልኬት ይለወጣል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተለካ ፊት ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ሌላም ትንሽ ወጥመድ አለ። ፊት ለፊት ያለው የስልክ ካሜራ ሰውየውን በመስታወት እንደሚያየው ገልብጦ ያሳያል፤ አንዳንዱ ስልክ ፎቶውን እንደተገለበጠ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አስተካክሎ። ክፍሉ በየት ጎን እንዲሆን በሰልፊ ወስኖ «በቀኝ ይከፈል» ብሎ የሚያዝ ሰው ሌላኛውን ጎን ሊያገኝ ይችላል። ደረት ላይ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ማንሳት ይህን ወዲያው ያሳያል፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ከተነበበ ጎኑም ተገልብጧል።

የፊት ለፊት ፎቶ ጨርሶ የማያሳየው ደግሞ የራስ ቅልን ጀርባ ነው። ማጅራቱ ላይ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው ኋላውን በማሽን አጥብቆ ቢቆረጥ ጠፍጣፋነቱ ይወጣል፤ በፊት ለፊት ፎቶ ግን ምንም አይታይም። አናት ላይ ፀጉሩ የሚዞርበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ እዚያ አጥሮ የተቆረጠ ፀጉር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በጄልም አይተኛም። ለዚህ ከያንዳንዱ ጎን አንድ፣ ከኋላ አንድ ፎቶ ያስፈልጋል። እነዚህን ፎቶዎች ደንበኛው ራሱ ሊያነሳቸው ስለማይችል ብዙውን ጊዜ የሚያነሳቸው ቆራጩ ነው፤ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት በደንበኛው ስልክ አንስቶ ቢያሳየው ሁለቱም አንድ ነገር እያዩ ይነጋገራሉ።